«አይዞሽ፣ ሂጂ» ፈቃድ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ እሑድ ሌሊት አረፈች። እናቴ ከሞተች በኋላ፣ ከ4 ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰኞ ንጋት ላይ ለአለቃዬ ደወልኩለት። «አይዞሽ፣ ሂጂ» አለኝና ተነሣሁ። መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ዛሬ ማክሰኞ ቀበርናት። አሁን ማታ ቁጭ ብዬ የመሥሪያ ቤቴን መመሪያ ሳየው የሐዘን ፈቃድ 3 የሥራ ቀን ነው ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድምና እህት አሉ። አክስት የለችም። እኔ ደግሞ እስከሚመጣው ማክሰኞ መቆየት አለብኝ፤ የቤቷንና የወረቀቷን ነገር የሚጨርስ ሌላ ሰው የለም። የቀረኝ የዓመት ፈቃድ 6 ቀን ነው። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ስመለስስ? ሰው ሲያቅፈኝ እንባዬ ይመጣል፤ ዝም ሲሉኝም ይከፋኛል። ቢሮ መግባቱን ሳስበው ይጨንቀኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጽናናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ምክንያቱም ነገ ረቡዕ ሦስተኛው ቀን ነው። ጥያቄሽ ነገ ከማለቁ በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት። ዛሬ ማታ አቅም ካለሽ ዛሬ ላኪው፤ ከሌለሽ ነገ ጠዋት።

አለቃሽ «አይዞሽ፣ ሂጂ» ሲል ከልቡ ነው። ግን ያ ቃል ከስልኩ አልወጣም። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚሠራው ሰው አያውቀውም። እሱ የሚያየው ሰኞ ፊርማ የለም፣ ማክሰኞም የለም፣ ረቡዕም የለም የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ በሐዘን ላይ ያለ ሰው ደመወዝ በክፋት ሲቆረጥ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ቀኑ በወረቀት ላይ ስም ስላላገኘ ነው። በራሴም ደርሷል። አባቴ የሞተ ጊዜ «ለጥቂት ቀናት እቀራለሁ» ብዬ አንድ መስመር ላክሁ። ያኔ የምሠራበት ቢሮ ጥቂት ቀናትን ሦስት ብሎ ቆጠራት። እኔ የመጣሁት በስምንተኛው ቀን ነበር። ተከራክሬ አስመለስኩት፤ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ደመወዝ መከራከር ምን ያህል እንደሚመር የሚያውቀው ያየው ነው።

ስለዚህ ደብዳቤሽ ውስጥ ቀን ይኑር። «ትንሽ ጊዜ»፣ «ነገሮች እስኪረጋጉ» የሚሉ ቃላት ለአንቺ ትሕትና ይመስላሉ። ለአለቃሽ ግን ራስ ምታት ናቸው፤ መቼ እንደምትመጪ ካላወቀ ማን እንደሚተካሽ መወሰን አይችልም። የመጀመሪያ ቀን፣ የመጨረሻ ቀን፣ ሥራ የምትገቢበት ቀን። እነዚህን ሦስቱን ጻፊ። በኋላ ቀኑ ቢቀየር አዲስ መልእክት ትልኪያለሽ፤ ነውር የለውም።

አሁን ወደ አክስትሽ ጉዳይ እንምጣ። ዝርዝሩ ውስጥ የለችም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። የሐዘን ፈቃድ ዝርዝር የሚጻፈው አብዛኛው ሰው ማንን እንደሚያጣ ታስቦ ነው፤ አንድን ልጅ ማን እንዳሳደገ ታስቦ አይደለም። እንዳንቺ ያለ ጉዳይ ሲመጣ አንዳንድ መሥሪያ ቤት «በወላጅ ቦታ ሆኖ ላሳደገ ሰው» የሚል ሐረግ መመሪያው ውስጥ አለው። አንዳንዱ ለኃላፊው ውሳኔ ይተወዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «አክስቴ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። «ከ4 ዓመቴ ጀምሮ በእናትነት ያሳደገችኝ» በይ። ማጋነን አይደለም፤ ዝርዝሩ ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ መመለስ ነው።

ማስረጃ ቢጠይቁሽስ? አንድ የሚረሳ ነገር ልንገርሽ። ስትቀጠሪ ከሞላሻቸው ቅጾች አንዱ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚል ቦታ ሊኖረው ይችላል። ማንን ጻፍሽ? እሷን ከሆነ ማስረጃው እዚያው እነሱ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የትምህርት ቤት ወረቀትሽ ላይ አሳዳጊ ሆና የፈረመችበትም ቢሆን ያገለግላል። የሞት ምስክር ወረቀት ግን ጊዜ ስለሚወስድ እሱን አትጠብቂ፤ «ሲደርሰኝ አቀርባለሁ» ማለት ይበቃል።

የት አገር እንደምትሠሪ አልነገርሽኝም፤ ለውጥ ያመጣል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ቤተሰብ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ልጅ ለሞተበት ሠራተኛ 2 ሳምንት ተፈቅዷል። በአሜሪካ ደግሞ የግል አሠሪን የሐዘን ፈቃድ ስጥ ብሎ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም፤ ነገሩ በክፍለ ግዛቱና በድርጅቱ ላይ ያርፋል። የአገርሽን ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት ካላችሁም እሱን፣ ከመመሪያው ጎን አድርጊና እዪ። መመሪያው ከሕጉ ካነሰ ሕጉ ይገዛል። ከበለጠ ደግሞ የበለጠውን ትወስጃለሽ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ከዚህ ሰኞ እስከሚመጣው ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይገቡ፣ 7 የሥራ ቀን ነው። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሪበት። የሐዘን ፈቃዱ ከተፈቀደልሽ 3ቱ ከእሱ ይሄዳሉ፤ 4ቱ ከዓመት ፈቃድሽ። 2 ቀን ይተርፍሻል። እነዚያን ሁለት ቀናት አትንኪያቸው። ወረቀት የሚባል ነገር በአንድ ጉዞ አያልቅም፤ ከወር በኋላ «አንድ ፊርማ ቀርቷል» ተብሎ መጠራትሽ አይቀርም።

ካልተፈቀደልሽስ? 6ቱ ከዓመት ፈቃድሽ፣ አንዱ ያለ ደመወዝ ይሆናል። ይህን አማራጭ ደብዳቤው ውስጥ ጻፊው። ጓደኞችሽ «ቀድመሽ አማራጭ ከሰጠሻቸው ቀላሉን ይመርጣሉ» ይሉሽ ይሆናል። ልክ ናቸው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አልመክርሽም። አሁን ግን ሩቅ ነሽ፤ ስልክሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ለመመላለስም አቅም የለሽም። አማራጩን ካልጻፍሽ ሌላ ሰው ይመርጥልሻል። እሱ የሚመርጠው ደግሞ «ያለ ፈቃድ የቀረች» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ብቻ አማራጩ ከዋናው ጥያቄ በታች ይሁን።

አንድ ነገር አታድርጊ። «የሕመም ፈቃድ አድርጊው፣ ይቀላል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ካላየሽና ወረቀት ካልሰጠሽ አትግቢበት። እውነተኛ ምክንያት ይዘሽ ሐሰተኛ ወረቀት ውስጥ መግባት ነው። በእርግጥ እንቅልፍ አጥተሽ ሰውነትሽ ከታመመ ሐኪም ጋር ሂጂ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለአለቃሽ የሚላከው እንዲህ ቢሆን፦

> ርዕስ፦ የሐዘን ፈቃድ ጥያቄ፣ ከኅዳር 4 እስከ ኅዳር 12
>
> ጤና ይስጥልኝ። ሰኞ ጠዋት በስልክ እንደነገርኩዎት አክስቴ አርፋለች። ቀብሯ ማክሰኞ ተፈጽሟል። ከ4 ዓመቴ ጀምሮ በእናትነት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ጥያቄዬ እንደ ወላጅ ሐዘን እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። በግል ማኅደሬ ውስጥ በአደጋ ጊዜ የምትጠራ ተብላ የተመዘገበችውም እሷ ናት።
>
> ከሰኞ ኅዳር 4 እስከ ረቡዕ ኅዳር 6፣ 3 ቀን የሐዘን ፈቃድ፤ ከሐሙስ ኅዳር 7 እስከ ማክሰኞ ኅዳር 12፣ 4 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ረቡዕ ኅዳር 13 ሥራ እገባለሁ። የሐዘን ፈቃዱ የማይቻል ከሆነ 6 ቀን ከዓመት ፈቃዴ፣ 1 ቀን ያለ ደመወዝ ይያዝልኝ።
>
> ዓርብ መከፈል ያለባቸው 3 የአቅራቢ የክፍያ መጠየቂያዎች አሉ። ሰነዶቹ በጋራ ፎልደሩ ውስጥ «የዓርብ ክፍያ» በሚለው ሥር ናቸው። ሁለቱ ተመርምረዋል፤ ሦስተኛው የግዢ ትእዛዙ ቁጥር አልተመሳከረም። እስክመለስ የሚያጸድቅ ሰው ቢመደብ። በቀን አንድ ጊዜ፣ 11 ሰዓት ላይ መልእክት አያለሁ። የሞት ማስረጃውን እንዳገኘሁ አቀርባለሁ።

ቀኖቹንና የሥራውን ዝርዝር ለምሳሌ ነው የጻፍኳቸው፤ በራስሽ ቀይሪ። በአደጋ ጊዜ የምትጠራ ብለሽ ያስመዘገብሻት እሷን ካልሆነ ያንን መስመር አውጪው። ለአለቃሽ ላኪው፤ ሰው ኃይል ክፍልን ግልባጭ አድርጊ። አለቃሽ መልስ የሚሰጥሽ በስልክ ከሆነ፣ ስልኩን እንደዘጋሽ «በስልክ እንደተነጋገርነው…» ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊለት። ያቺ ሁለት መስመር ወሩ መጨረሻ ላይ ታስፈልግሻለች።

ስለ ሥራው ያለችውን አንቀጽ ረዘም ያደረግኋት ሆን ብዬ ነው። ሰው በሐዘን ላይ እያለ ስልክ የሚደወልበት አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፦ «ይቅርታ፣ ያ ወረቀት የት ነው?» ቀድመሽ ከጻፍሽው ግማሹ ስልክ ይቀራል። ሦስተኛው አልተመሳከረም ማለትሽም ይጠቅማል፤ ካልነገርሻቸው ተጣርቷል ብለው ይከፍሉታል። የይለፍ ቃልሽን ግን ለማንም አትስጪ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ በአንቺ ስም የጸደቀ ክፍያ የአንቺ ነው፤ ለቅሶ ላይ ነበርኩ ማለት ኦዲተር ፊት አያስጥልም። ለዚህ ነው «የሚያጸድቅ ሰው ይመደብ» ያልኩሽ።

«በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ» ብለሽም አትጻፊ። ሰዎች ቃልሽን ያምኑሻል። በቀን አንድ ሰዓት በቂ ነው፤ እሱንም ካልፈለግሽ አውጪው። ፈቃድ ላይ ነሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጭንቀትሽ። እውነቱን ለመናገር እኔን የበለጠ የያዘኝ እሱ ነው። ሲያቅፉሽ ታለቅሻለሽ፤ ዝም ሲሉሽ ይከፋሻል። እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ግን ሐዘን የገባበት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ባልደረቦችሽም እዚያ ማዶ ሆነው ተጨንቀዋል። ልናገር ወይስ ልተዋት? ልቀፋት ወይስ ሰላም ብቻ ልበል? አንዱ ሮጦ ያቅፍሻል፣ ሌላው ኮሪደር ላይ ሲያይሽ መንገድ ይቀይራል። መንገድ የቀየረው ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚወድሽ ነው፤ እንዳያስለቅስሽ ፈርቶ ነው። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ንገሪያቸው። ወይ «እቀፉኝ»፣ ወይ «አትቀፉኝ»፣ ወይ «ሲመቸኝ እኔ እነግራችኋለሁ» በይ። ሦስቱም ያስኬዳሉ። ምንም አለመናገር ነው ሁሉንም ግራ የሚያጋባው።

መልእክቱ የሚላከው ከመግባትሽ በፊት ባለው ቀን፣ የሥራ ሰዓት ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በሳምንት ከቀደመ ይረሳል። በገባሽበት ጠዋት ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሰው ሳያነበው አንቺን ያገኝሻል። ለክፍልሽ ሰዎችና በየቀኑ ለምትገናኛቸው ብቻ ላኪው። ለመላው ድርጅት የሚላክ ኢሜይል የማታውቂያቸውን ሁለት መቶ ሰዎች መልስ ይጎትትብሻል። ራስሽ መጻፍ ካቃተሽ አለቃሽ በስሙ እንዲልከው ጠይቂው፤ ቃሉን ግን አንቺ ስጪው። አለበለዚያ «ባልደረባችን በደረሰባት ከባድ ሐዘን…» ብሎ ይጀምርና አንድ ገጽ ይሆናል።

ከደብዳቤሽ ተነሥቼ ለአንቺ የሚሆን ይመስለኛል ያልኩት ይኸው፦

> ሰላም ሁላችሁም። ነገ ረቡዕ ሥራ እገባለሁ። እንደሰማችሁት ያሳደገችኝ አክስቴ አርፋብኛለች። የላካችሁልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ በጣም አመሰግናለሁ። ለእያንዳንዳችሁ ባልመልስ አትቀየሙኝ።
>
> አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ጠዋት ስገባ እንደወትሮው ሰላም ብላችሁኝ ወደ ሥራ ብንገባ ይቀለኛል። ስለ እሷ ማውራት ግን አልጠላም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቁኝ። በመሃል ተነሥቼ ብወጣ አትከተሉኝ፤ ቆይቼ እመለሳለሁ።
>
> ጠዋቱን የቀረብኝን በማየት አሳልፋለሁ። አስቸኳይ ነገር ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ላኩልኝ።

«አትከተሉኝ» የምትለውን ቃል ካልወደድሻት አለስልሻት፤ ሐሳቧን ግን አታውጪ። መጸዳጃ ቤት ገብታ የምታለቅስን ሰው በር ላይ ቆሞ «ደህና ነሽ?» የሚል ሁልጊዜ አለ። አንዴ ከነገርሻቸው ይተዉሻል። «ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቁኝ» የሚለው ደግሞ ለዝምታው መድኃኒት ነው። ስሟን መጥራት እንደሚቻል ያውቃሉ፤ መቼ እንደሚቻልም ያውቃሉ።

«ሙሉ በሙሉ ተመልሻለሁ፣ እንደ ድሮው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ ራስሽን ካገኘሽው ሰርዢው። ያምኑሻል፤ በማግስቱ የወሩን መዝጊያ ይጭኑብሻል።

ለአለቃሽ ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር ጠይቂው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከአንቺ የሚወጣ ክፍያ ሁሉ በሌላ ሰው ዓይን እንዲታይልሽ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቁጥር ያገላብጣል፤ 5,400ን 4,500 አድርጎ ይጽፋል፤ አንድን ኢሜይል ሦስት ጊዜ አንብቦ አይገባውም። ስንፍና አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱም አለበት። ይህን ስትጠይቂ አለቃሽ ያፍርብኛል ብለሽ አትስጊ። ስሕተቱ ከወጣ በኋላ ከመስማት አሁን መስማቱን ይመርጣል። ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ካለም አድማጭ ሆነሽ ግቢ፤ አቅራቢ አትሁኚ።

ከአቅራቢዎችና ከደንበኞች ጋር ያለው ቀላል ነው። ለእነሱ ሐዘኑን መናገር ግዴታሽ አይደለም። «ከሥራ ገበታዬ ላይ አልነበርኩም፤ ዛሬ ተመልሻለሁ፤ ጥያቄዎን እስከ ዓርብ እመልሳለሁ» በቂ ነው። ያወቀ ከጠየቀሽ አመስግነሽ ታልፊያለሽ።

አንድ ሰው ግን መልእክትሽ ሳይደርሰው መቅረቱ አይቀርም። ፈቃድ ላይ የነበረ፣ ወይ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንቺ ትንሽ የተሻለሽ ሲመስልሽ፣ አሳንሰር ውስጥ ያገኝሽና «ጠፋሽ እኮ! ሽርሽር ነበርሽ እንዴ?» ይልሻል። በዚያች ሰከንድ ቃል ፍለጋ ውስጥ እንዳትገቢ ከአሁኑ አዘጋጂው፤ ቤት ውስጥ ድምፅሽን አውጥተሽ ሁለት ጊዜ በይው። «አይ፣ አክስቴ አርፋብኝ ነበር። ተመልሻለሁ። ይልቅ ያ የግዢ ትእዛዝ ቁጥር ደረሰህ?» እሱ ይደነግጥና ይቅርታ ይልሻል። ከዚያ ስለ ቁጥሩ ይመልስልሻል።